«ደህና ናቸው» ሲሏችሁ

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከአገር ወጥታችሁ ብዙ ዓመት ለቆያችሁና አሁን «ወረቀቴ ወጣ፣ ዘንድሮስ አገር ቤት እገባለሁ» እያላችሁ ለምትሰናዱት ነው። ስለ ትኬትና ስለ ሻንጣ ኪሎ የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የማጫውታችሁ እናንተ በሌላችሁበት ስለሞቱት ሰዎችና ስላልደረሳችሁት ለቅሶ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የሠራሁትን ስህተት እናንተ እንድትደግሙት አልፈልግም።

ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ተምሬ፣ እዚያው ሃያ ዓመት ያህል በነርስነት ያገለገልኩ ሴት ነኝ። በ2005 ዓ.ም. ለአጭር ሥልጠና ወደ አሜሪካ ሄጄ በዚያው ቀረሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ መጀመሪያ በረዳትነት፣ የነርስነት ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ ደግሞ በሙያዬ ሠራሁ፤ አብዛኛውን የሌሊት ሺፍት። ወረቀቴ እስኪያልቅ መውጣት አልችልም ነበር። ወረቀቱ ሲያልቅ ኮሮና መጣ፤ ኮሮናው ጋብ ሲል ጦርነቱ መጣ። ደሴ የገባሁት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከወጣሁ በአሥር ዓመቴ።

ከሻንጣዬ ዕቃዎች አንዷን ልንገራችሁ። ከእናቴ ቤት ጋር አጥር የምንጋራ ጎረቤት ነበሩን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ብቻ ነበር የምላቸው። እናቴ ለገበያ ስትወጣ እኔን ለእሳቸው ጥላ ነው የምትሄደው። በረመዳን የሾርባው ሰሃን በአጥሩ ላይ ወደ እኛ ይሻገራል፤ በፋሲካ ደግሞ የእኛ ዳቦ ወደ እነሱ። ስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ ነርስ ሆኜ ከተመረቅሁ ጀምሮ ኢንሱሊናቸውን እንዴት እንደሚወጉ ያስተማርኳቸው፣ መርፌ የሚወጉበትን ቦታ በየጊዜው እንዲቀያይሩ የምቆጣቸው እኔ ነበርኩ። ለእሳቸው አንድ የስኳር መለኪያ፣ ሃምሳ ሃምሳ ስትሪፕ የያዙ አራት ጣሳዎችና የጣት መውጊያ ገዛሁ። ስትሪፕ ጊዜው እንደሚያልፍ ስለማውቅ የማብቂያውን ቀን እያየሁ ነው የመረጥኩት። ከመነሳቴ በፊት ወንድሜን በስልክ «እትዬ ያላቸው መለኪያ ምን ዓይነት ነው? ስትሪፑ እንዳይገጥም» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም አለና «አዲስ መለኪያ ይዘሽ ነዪ፣ ይሻላል» አለኝ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከዚያ ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ በቀስታ እየተጠማዘዘ ሲወጣ እኔ መስኮቱን ከፍቼ ያንን ብርድ እየሳብኩ አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ነበር። ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ፈንዲሻው፣ ቡናው፣ እልልታው ሌላ ነው። እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ ዕቃ ማከፋፈል ጀመርኩ። እትዬን በሰዉ መካከል ስላጣኋቸው እግራቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ ሣጥኑን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ። «እትዬስ?» አልኳት። «ተኝታለች» አለችኝ። ሣጥኑን ተቀብላ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ ስትሪፑ እንዴት እንደሚገባ፣ ደሙ የት እንደሚነካ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ መለካት እንዳለበት ሳስረዳት፣ እሷ «እሺ፣ እሺ እህት ዓለም» እያለች ሁሉንም ሰማችኝ። «አላህ ይስጥልሽ፣ ስትነሳ እነግራታለሁ» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ወንድሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ወደ ክፍሌ ገባ። እትዬ ከሞቱ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል።

ይህን እንድታውቁልኝ የምፈልገው ወንድሜን እንድትፈርዱበት አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲገባችሁ ነው። የእናቴን ሞት ያኔ በ2010 ዓ.ም. በወጉ ነው ያረዱኝ። ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ደውላ «ነገ ሥራ አለሽ እንዴ?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ስምንት ሰው በደረጃው ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንድም ቃል ሳይናገሩ አወቅሁ። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ከአገር ቤት የሚደወለው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለቅርብ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ሰው ያሰባስባል፣ የሥራ ፈቃዱን ያጣራል፣ ሰውየው ደም ግፊት አለበት ወይ፣ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ቡናና ምግብ ያስዘጋጃል። ከዚያ ሐዘንተኛው ብቻውን በማይሆንበት ሰዓት ይነገረዋል። እኔ በሥራዬ በሌሊት ስልክ አንስቼ «እናትህ ሞተዋል» ብዬ ለልጅ የነገርኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። እዚያ ሲያሠለጥኑን «አረፉ፣ ሄዱ» አትበሉ፣ «ሞቱ» የሚለውን ቃል በግልጽ ተናገሩ ይሉናል፤ ያንን የምለው ግን መኪና እየነዳ ይሁን፣ ብቻውን ይሁን ለማላውቀው ሰው ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የኛ መርዶ ትዝ እያለኝ፣ ወገኖቼ ምን ያህል አዋቂ እንደሆኑ አስብ ነበር።

ግን መርዶ የሚነገረው ለማን ነው? ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእህት ሞት ነው፤ ቢበዛ ለአክስትና ለአጎት። ለጎረቤት፣ ለክርስትና እናት፣ አብሯችሁ ለሠራ ባልደረባ፣ ፊደል ላስቆጠሯችሁ የኔታ ማንም በሌሊት ተሰብስቦ በራችሁን አያንኳኳም። በስልክ እንዳይነግሯችሁ ደግሞ «በሰው አገር ብቻዋን ለምን ትጨነቅ» ይላሉ። ስለዚህ ሳይነገር ይቀራል። እናንተም በሚቀጥለው እሑድ ስትደውሉ «እትዬ እንዴት ናቸው?» ትላላችሁ። በዚያ ቅጽበት ስልኩን የያዘው ሰው «ደህና ናቸው» ካለ፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ወንድሜ ያለኝ ይኸንኑ ነው። ደሴ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጦርነቱ ስትያዝ ስልክ ተቋርጦ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የቤተሰቤን ድምፅ አልሰማሁም ነበር። መስመሩ ሲከፈት እያለቀስኩ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ እትዬ ነው፤ መድኃኒታቸው አሳስቦኝ ነበር። «ሬሳቸውን ተሸክመን ከቀበርን ሦስት ሳምንት አልሆነንም» አለኝ ወንድሜ። «ድምፅሽን ስሰማ ግን አልወጣልኝ አለ። ደህና ናቸው አልኩሽ። ከዚያ በኋላማ በየሳምንቱ ምን ልበልሽ?»

ዝምታውን ከስልክ መለየት ይቻላል፤ እኔ ነርስ ሆኜ ሳለሁ አለመለየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሰው በሕይወት ካለ ስለ እሱ ዝርዝር ነገር ይወራል፤ ጥርሱን ነቀለ፣ ከልጁ ጋር ተኳረፈ፣ ጫማ ላኪልኝ አለሽ። የሞተ ሰው ግን ዜና የለውም። «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» ብቻ ነው፣ ሁሌም በዚያው ቃል። ድምፃቸውን ልስማ ስትሉ ተኝተዋል፣ ጠበል ሄደዋል፣ ገጠር ወርደዋል ወይም ስልካቸው ተበላሽቷል። ገንዘብ ስትልኩላቸው ምስጋናው ይደርሳችኋል፤ ምን እንደገዙበት ግን የሚነግራችሁ የለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እናንተ ስማቸውን ስታነሱ የሚመጣው አጭር ዝምታ ነው። ያቺን ዝምታ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሰማችሁ እባካችሁ አትለፏት።

አሁን ወደ ምክሬ ልግባ። ከመነሳታችሁ ከወር በፊት፣ ዕቃ መግዛት ሳትጀምሩ፣ የሞቱትን ጠይቁ። እናታችሁን አትጠይቁ፤ እናት አትነግርም። ወንድምና እህትም ቀድሞ የዋሸው እሱ ስለሆነ ይቸገራል። ጠይቁ የምላችሁ የእድሜ እኩያችሁን፣ ከቤተሰቡ ወጣ ያለውን ሰው ነው፤ ቃሉም «ማን ሞተ?» አይሁን። «ልመጣ ነው፤ እንደ ደረስኩ ለቅሶ መድረስ ስላለብኝ የማን የማን ቤት እንደምሄድ ጻፍልኝ» በሉት። እንዲህ ሲባል ሰው ይቀልለዋል። ሞትን የሚያረዳችሁ ሆኖ ሳይሆን ለቅሶ እንድትደርሱ የሚያግዛችሁ ሆኖ ነው የሚሰማው። ስትሰሙት ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ያለ ዘመድ የምትኖሩ ከሆነ ጓደኛ አጠገባችሁ ይኑር።

ከሰው ሁሉ የተሻለ የሚያውቅ ግን አለ፤ የዕድሩ መዝገብ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስተኛው ቀን ላይ የሰፈራችንን ዕድር ጸሐፊ ቤታቸው ሄጄ ሳነጋግራቸው ነው። የኛ ዕድር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነው። ሰው ሲሞት ለሐዘንተኛው ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ከሟቹ ስም፣ ከወሩና ከቀኑ ጋር በደብተር ይሰፍራል። ጸሐፊው ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ አሥር ዓመቱን ገጽ በገጽ አነበቡልኝ። እኔም በወረቀት ጻፍኩ። ከማውቃቸው ሰዎች አሥራ ሰባት ስም ወጣ። ከዚያ በፊት መሞታቸውን የሰማሁት የስድስቱን ብቻ ነበር።

የ2014 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስንደርስ ገጹ ባዶ ነው። ጸሐፊው ምንም ሳይሉ ገለጡት። ታኅሣሥ ላይ በሌላ እስክሪብቶ፣ በተጣደፈ እጅ ጽሑፍ «ጡሩንባ ያልተነፋላቸው» የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩ ሰባት ስም። እትዬ አራተኛዋ ናቸው። ድንኳን አልተጣለላቸውም፣ ዕድርተኛ አልወጣላቸውም፤ ወንድሜና ሦስት የሰፈር ወንዶች ናቸው በቃሬዛ ተሸክመው የቀበሯቸው። ዕድሩ ገንዘቡን ለሰባቱም ቤት በኋላ ከፍሏል። «ገንዘቡን ከፈልን» አሉኝ ጸሐፊው፣ «ሰው ግን በወቅቱ አልቆመላቸውም። ስለዚህ አሁንም ቢሆን ሂጂ። ለነዚህ ሰባቱ ዘገየሽ የሚልሽ የለም።»

ወደ ለቅሶ ቤት ስለመሄድ ያወቅሁትን ልንገራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ በልጅነታችሁ ስለወጣችሁ ያሳያችሁ ሰው የለም። በመጀመሪያ ድግሱ ይቆይ። እንኳን ደህና መጣህ የሚለው ፈንዲሻ ካልቀረ በቤት ውስጥ በጥቂት ሰው ይሁን፤ ለቅሶ ሳትደርሱ በሰፈር ውስጥ ዘፈን አታሰሙ። እኔ በመጣሁበት ቀን ግቢያችን እልል ሲባል፣ ከአጥሩ ማዶ የነበረችው የእትዬ ልጅ ምን ተሰምቷት ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሂዱ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ይህ ትልቅ ሰው ለክብር ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። የቤቱ ሰዎች አርባውን፣ ሙት ዓመቱን ወይም ሰደቃውን አውጥተው ሐዘናቸውን አሳርፈዋል፤ እናንተ ግን ትኩስ ናችሁ። እንደ ገባችሁ ስታለቅሱ የእነሱም ይቀሰቀሳል። ያ ክፉ ነገር አይደለም፤ ይጠብቁታልም። ነገር ግን የሚያቆመው ሰው ያስፈልጋል። ሽማግሌው «በቃ፣ አብሽሩ» ሲል ማቆም አለባችሁ። ከእሱ አልፋችሁ ካለቀሳችሁ የቤቱን ሐዘን ትታችሁ የራሳችሁን ጸጸት ማልቀስ ጀምራችኋል፤ ያኔ ሐዘንተኛዋ ተነሥታ እናንተን ማባበል ትጀምራለች። አንድ ቤት እንዲህ አድርጌ፣ ባሏን የቀበረች ሴት ውሃ ስታጠጣኝ አፈርኩ።

በሙስሊም ቤት ሲሆን ጮክ ብሎ ማልቀስና ደረት መምታት አይወደድም። ገብታችሁ «አላህ ይዘንላቸው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉ፤ ዱዓ ሲደረግ እጃችሁን ዘርግታችሁ አሚን በሉ። በክርስቲያኑ ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው። ወሎ ላይ ያደገ ሁለቱንም ያውቀዋል፤ አሥር ዓመት ርቆ የመጣ ግን ምላሱ ይያዛል፣ የእኔ ተይዞ ነበር። ከዚያ ተቀመጡ። ለምን እንዳልመጣችሁ አታስረዱ። ስለ ወረቀት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትኬት አታውሩ፤ ማንም አልጠየቃችሁም። ይልቅ ስለ ሟቹ ጠይቁ፤ እንዴት እንደታመሙ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳሉ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር። ቡናው እስኪጠጣ አትነሱ። ስጦታ በዚያው ቀን ይዛችሁ አትግቡ፤ ስኳርና ቡና ይበቃል። የምትረዱት ገንዘብ ካለ ስትወጡ ለቤቱ ትልቅ ሰው በእጁ፣ ሰው ሳያይ ስጡ። ስልካችሁንም ከቦርሳ አታውጡ።

በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትሂዱ። ይህን የምለው ከድካሜ ተነሥቼ ነው። ስድስት ሳምንት ብቻ ነበረኝና መጀመሪያ ላይ በቀን አራት አምስት ቤት ልጨርስ ብዬ ተሯሩጬ ነበር። በአራተኛው ቤት ስገባ እንባዬ ደርቆ፣ ቡናው እስኪፈላ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። የቤቱ እመቤት አየችኝ። ያንን ቤት በሦስተኛው ሳምንት ደግሜ ሄድኩበት፤ ጠዋት ሄጄ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ፣ ያን ጊዜ ነው ስለ ልጇ ያጫወተችኝ።

እትዬ ቤት የተመለስኩት ባረዱኝ ዕለት ረፋዱ ላይ ነው፤ ከወንድሜና ከአንድ ሽማግሌ ጋር፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ። ልጃቸው በሩ ላይ አቀፈችኝና «ትናንት ልነግርሽ አልቻልኩም፤ እንዲህ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም» አለችኝ። ዱዓው ከተደረገ በኋላ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋት። ኢንሱሊኑ እያለቀ ሲሄድ እትዬ ራሳቸው መጠኑን ቀንሰው በግማሽ ይወጉ ጀመር፤ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ። መብራት ስላልነበረ የመጨረሻዋን ብልቃጥ በእንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ ላይ ነበር የሚያስቀምጧት፤ ያንን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የተከፈተም ቢኖር ኢንሱሊን አልነበረውም። ብልቃጧ ስታልቅ ውሃ ውሃ ማለት አበዙ፣ ሌሊት ሽንት ይመላለሱ ነበር፣ ከዚያ እንቅልፍ ያዛቸው፣ ሲቀሰቅሷቸው ቃላቸው ይምታታ ጀመር። በሦስተኛው ቀን አልነቁም። ለእኔ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ የእያንዳንዱ ቀን ስኳራቸው ስንት እንደደረሰ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ፈልጋ ነበር፤ ዓመት ከሁለት ወር የሚጠይቁት ሰው አጥታ የቆየችበትን። «ውሃውን ባልሰጣት ኖሮ ትድን ነበር?» አለችኝ። ብዙ ስለጠጡ የሞቱ መስሏት ኖሯል። ውሃው እንዳልገደላቸው፣ እንዲያውም ሰውነታቸው የደረቀው ስኳሩ ውሃውን ይዞት ስለሚወጣ እንደሆነ፣ ውሃ በመስጠቷ እንዳቆየቻቸውና የጎደለው ኢንሱሊን ብቻ እንደነበር ቀስ አድርጌ አስረዳኋት። ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ መለስኩላት። በስልክም ቢሆን በጊዜው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ይህቺን ጥያቄ በታኅሣሥ 2014 እመልስላት ነበር። እኔን ከሐዘን አድናለሁ ብለው ሲደብቁኝ እሷን ከነጸጸቷ አስቀመጧት።

ስለዚህ አገር ቤት ላላችሁት ወጣቶችም ቃል አለኝ፤ ስልኩን የምታነሱት እናንተ ናችሁና። ታላላቆቻችሁ «አትንገሩ» ሲሉ ምክንያት አላቸው። ሰው እስኪሰበሰብለት፣ ፈተናው እስኪያልፍ፣ አራሷ እስክትበረታ ጥቂት ቀን፣ ሁለት ሳምንትም ቢሆን መደበቅ ይገባል። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ግን ጓደኛውን ፈልጋችሁ አስነግሩት። ወላጅ ሆነም ጎረቤት መንገዱ ያው ነው፤ ለጎረቤት ስምንት ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም፣ አንድ ጓደኛ ይበቃል። ፌስቡክ ላይ ፎቶና ሻማ ከመለጠፋችሁ በፊት ውጭ ያለው ዘመድ መስማቱን አጣሩ። በአውቶቡስ ውስጥ ወደ ሥራ እየሄደች ስልኳን ስትገልጥ የአባቷን ሞት ያየች ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ያን ቀን ከአውቶቡሱ እንዴት እንደወረደች አታውቀውም።

ዕድርም አትተዉ። በቤተሰባችሁ ስም ያለውን ዕድር ማን እንደሚከፍል እወቁ፤ እናትና አባት ሲያልፉ አባልነቱ በአንዱ ልጅ ስም ካልተዛወረ ቤቱ ከመዝገቡ ሊወጣ ይችላል። እኛ ቤት ወንድሜ አዛውሮት ኖሮ ነው ጸሐፊው ደብተሩን የከፈቱልኝ። ወርሃዊ መዋጮው ከውጭ ለሚልክ ሰው ትንሽ ነው፤ የዓመቱን ባንድ ጊዜ መላክ ይቻላል። ቀብር መውጣቱን ግን ከውጭ ሆኖ መክፈል ስለማይቻል፣ በእናንተ ምትክ የሚወጣውን ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አስታውሱት፤ እሱ በእናንተ ስም ሥራውን ጥሎ ጉድጓድ ዳር ይቆማል።

በስድስቱ ሳምንት ከአሥራ ሰባቱ ቤቶች አሥራ አራቱን ደረስኩ። ሁለቱ ቤተሰቦች ከተማውን ለቀው ሄደዋል። አንዱ ቤት ተዘግቶ አገኘሁት፤ በሩ ላይ ቆሜ ነፍስ ይማር ብዬ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት አንድ ጠዋት የእትዬን ልጅ ቁርስ ሳትበላ መለኪያውን አምጪው አልኳት። ጣቷን ወግቼ ለካኋት፤ 148 አለ። በማግስቱም ደግሜ ለካሁ፤ 151። ባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከመጣ ስኳር ነው የሚባለው፤ ግን የቤት መለኪያ ብቻውን ስለማይበቃ ጤና ጣቢያ ወስጄ በላቦራቶሪ አስመረመርኳት። ስኳር ሆኖ ተገኘ። አሁን ክኒን ጀምራለች፤ ከአራቱ ጣሳ ሁለቱን ጨርሳለች።

እኔና ወንድሜ ተስማምተናል። እሑድ ማታ ስደውል ከሰላምታው ቀጥሎ፣ እኔ ስለማንም ሳልጠይቅ፣ በሳምንቱ የተቀበረ ካለ እሱ ይነግረኛል። መጀመሪያ ሰሞን ይከብደው ነበር፤ ሳል ሳል ይል ነበር። ባለፈው እሑድ ሁለት ስም ነገረኝ፤ አንደኛዋ ለሠርጌ ፀጉሬን የሠሩኝ ሴትዮ ናቸው። ስልኩን ሳልዘጋ የልጃቸውን ቁጥር ሰጠኝ፤ ደወልኩላት።